500 ሜጋ እየከፈልኩ 140 ላይ ያስቀረችኝ የቆየችው ራውተሬ ነበረች

«ቤታችን ፋይበር ገብቷል። ፓኬጁ 500 ሜጋ ነው። ስለካው ግን 150 እንኳን አይሞላም፤ በኬብልም ያው ነው። ራውተሩ የቆየ ነው፣ ፖርቶቹ ግን ጊጋ ናቸው። ችግሩ ከመስመሩ ነው ወይስ ከራውተሩ? ከኮምቦልቻ ነኝ።»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው ሳቄም ንዴቴም አብሮ መጣ። እኔ ደሴ ነኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ቤት አለኝ። አንቺ ያለሽበት ቁጥር ላይ አራት ወር ሙሉ ተቸንክሬ ነበር። ራውተሩ ነው፤ በተለይ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር። እንደኔ ደጅ ከመጥናትሽ በፊት ይቺን አንብቢ።

1. መጀመሪያ ራውተሩን ከመሀል አውጪውና ለኪ። ላፕቶፑን በኬብል ቀጥታ ፋይበሩ ከሚገባበት ሳጥን ጋር አገናኚው። የኔ ሳጥን መስመሩን ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ነው። በዩዘርና በፓስወርድ የሚደውለው ራውተሩ ነበር። እናም ከላፕቶፕ ለመደወል ዩዘርና ፓስወርዱ አስፈለገኝ። የተሰጠኝ ወረቀት ደግሞ ጠፍቷል።

መከራዬ እዚህ ላይ ጀመረ። ቢሮውን አልጠራም። የመጀመሪያ ቀን ወረፋ ይዤ ስደርስ ምሳ ሰዓት ሆነ። በሁለተኛው ቀን «ውሉ በማን ስም ነው?» አለኝ። በወንድሜ ስም ነው። ወንድሜ ያለው ወልዲያ። በሦስተኛው ቀን ውክልና ይዤ ሄድኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ከኛ በኩል መስመሩ ምንም የለበትም፣ የራስህን ዕቃ አስፈትሽ» ብሎ ሸኘኝ። ሰው ፊት እንደዚያ ሲለኝ ላብ አሰመጠኝ። የሚያበሳጨው ምን መሰለሽ? ልጁ ልክ ነበር።

ደግሞ ያ ሁሉ ምልልስ አያስፈልግም ነበር። የእህቴ ልጅ ማታ ቡና ላይ ታሪኩን ሲሰማ ሳቀብኝ። የራውተሩን የፋብሪካ ሶፍትዌር አንስቶ OpenWrt የሚባለውን የጫነልኝ እሱ ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ ትዕዛዝ በሚጻፍበት በኤስኤስኤች በኩል ራውተሩ ውስጥ ገባና ይቺን ጻፈ፦

```
uci show network.wan
```

ዩዘሩም ፓስወርዱም ፊት ለፊት ተጽፎ ወጣ። ሦስት ቀን የለመንኩት ነገር የገዛ ራውተሬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ከላፕቶፑ ደውለን ለካን፤ 480 ገደማ። በራውተሩ በኩል ስንለካ 140። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ትልቁን ኪሳራዬን ግን ገና አልነገርኩሽም። መጀመሪያ የነበረኝ ፓኬጅ 300 ነበር። ያኔም የምለካው 140 ነበር። «መስመሩ ደካማ ነው፣ ከፍ ባደርገው ቢያንስ ግማሹ ይደርሰኛል» ብዬ ወደ 500 አሳደግኩ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከ300ም 140፣ ከ500ም 140። ያኔ መባነን ነበረብኝ። የመስመር ችግር ቢሆን ቁጥሩ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። በሁለት የተለያየ ፓኬጅ አንድ ቦታ የሚቆም ቁጥር ግን ከራስሽ ዕቃ የመጣ ጣሪያ ነው። ይህን ባለማወቄ የአራት ወር የዋጋ ልዩነት ሜዳ ላይ በተንኩ።

አንድ ነገር ለይተሽ ያዢ። ቁጥርሽ 94 አካባቢ ቢቆም ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እሱ አንዱ ፖርት ወይም የተበላሸ ኬብል ወደ 100 ወርዶ ሲሠራ የሚመጣ ቁጥር ነው። 140 እና 150 ግን ከማንኛውም ፖርት ልክ ጋር አይገጥምም። ፕሮሰሰሩ ሲደክም ነው እንዲህ ያለ ውል የሌለው ቁጥር የሚመጣው።

2. ለምን እንደሚደክም። ኬላ አስቢ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ አራት መኪና ጎን ለጎን እንዲያሳልፍ ሰፋ እንበል። ኬላው ላይ ግን የተቀመጠው አንድ ሰው ነው። እያንዳንዱን መኪና አስቁሞ ታርጋውን ይመዘግባል፣ ሰነዱን ያያል፣ አዲስ አድራሻ ይጽፍበታል። መንገዱ ቢሰፋ ሰውየው እጁ አይፈጥንም። ጊጋ የሚባለው ፖርት መንገዱ ነው፤ ሰውየው ፕሮሰሰሩ ነው።

ኢንተርኔት ደግሞ የሚመጣው በትንንሽ እሽግ ተቆራርጦ ነው። አንዱ እሽግ ቢበዛ 1500 ባይት ነው። 500 ሜጋ ማለት በሰከንድ ወደ 41 ሺህ ሙሉ እሽግ ነው። ከኮምፒውተርሽ ወደ ላይ የሚሄደው «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ሳይቆጠር። ራውተሩ እያንዳንዷን እሽግ በዩዘርና በፓስወርድ ሲደወል ከሚመጣው የፒፒፒኦኢ መጠቅለያ ያወጣል፣ በፋየርዎል ሕግ ያሳልፋል፣ የውጩን አድራሻ ወደ ቤት ውስጥ አድራሻ ይቀይራል።

የኔ ራውተር አርቸር ሲ7 ናት፤ እህቴ ከጅዳ በሻንጣ የላከችልኝ። ካርቶኗ ላይ 1750 የሚል ተጽፏል። ለጎረቤት ሁሉ በኩራት ሳሳይ ከርሜያለሁ። ለካ 1750 የሁለቱ ዋይፋይ ድምር ነው፤ 450 እና 1300። ስለ ፕሮሰሰሯ ካርቶኑ ምንም አይልም። ፕሮሰሰሯ 720 ሜጋኸርዝ ነው፣ ኮሩም አንድ። በሰከንድ 720 ሚሊዮን ምት ማለት ነው። ለ41 ሺህ እሽግ ስታካፍዪው ለአንዷ 17 ሺህ ምት ገደማ ይደርሳታል። ብዙ ይመስላል። የኔዋ 140 ላይ የቆመችው ግን በሰከንድ 11 ሺህ ተኩል ገደማ እሽግ ብቻ ስታሳልፍ ነው። ለአንዷ እሽግ ከ60 ሺህ ምት በላይ እያጠፋች ነበር ማለት ነው። ምን ላይ ነው የምታጠፋው? ወደዚያ እመጣለሁ።

3. በዓይንሽ እይው። ያንቺም OpenWrt ያለበት ከሆነ፣ በኤስኤስኤች ግቢና `top` በይ። ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ስፒድ ቴስት አስጀምሪ። የኔ እንዲህ አለ፦

```
CPU:  1% usr  3% sys  0% nic  0% idle  0% io  0% irq  96% sirq
```

`idle` ዜሮ ሆኖ `sirq` 90ዎቹ ውስጥ ከገባ ሌላ ምስክር አያስፈልግሽም። `sirq` ማለት ፕሮሰሰሩ እሽግ በማስተላለፍ ተይዟል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መግቢያ የሌለው የፋብሪካ ሶፍትዌር ከሆነ ደግሞ፣ ስፒድ ቴስቱ እየሄደ የራውተሩን የራሱን አድራሻ ፒንግ አድርጊ፤ በኬብል ይሁን። ሌላ ጊዜ አንድ ሚሊሰከንድ የነበረው ወደ 30 እና 40 ከዘለለ ራውተሩ ለራሱ ሰላምታ እንኳን መመለስ አቅቶታል።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩን ተይውና የ60 ሺውን ምት ነገር ልጨርስልሽ። ከፋይበሩ በፊት 10 ሜጋ ነበረኝ። ቤቱ ውስጥ ስምንት ሰው ይጠቀማል። እኔ ቪዲዮ ስሰድ የሌላው ዋትሳፕ ይቆረጣል። የእህቴ ልጅ SQM የሚባለውን ጫነ። ይሄ ነገር እሽጎቹን አሰልፎ ለሁሉም በፍትሐዊነት የሚያካፍል ነው። በ10 ሜጋ ጊዜ ሕይወታችንን ነው የቀየረው፣ አልዋሽም። ፋይበር ሲገባ የፍጥነቱን ልክ ብቻ ከፍ አድርጎ እንዳለ ተወው። ነገር ግን እያንዳንዷን እሽግ መመዘንና ማሰለፍ ለፕሮሰሰሩ ከባድ ሥራ ነው። ለ10 ሜጋ የሚበቃው ጉልበት ለ500 አይበቃም።

አጠፋነው፦

```
service sqm stop
service sqm disable
```

140 የነበረው ወደ 220 ወጣ። ደስ አለኝ ግን ገና ነው። ቀጥሎ ይቺን አበራን፦

```
uci set firewall.@defaults[0].flow_offloading='1'
uci commit firewall
service firewall restart
```

ይሄ ለኬላው ሰውዬ «የአንድ ሰልፍ መኪኖች ከሆኑ የመጀመሪያዎቹን ፈትሽ፣ የቀሩትን እጅህን እያወዛወዝክ አሳልፍ» እንደማለት ነው። 340 ደረሰ። እዚያ ላይ ቆመ። `sirq` እንደገና ጣሪያ ነካ። ከዚህ በላይ ከዚያች ዕቃ አይወጣም፤ ፒፒፒኦኢውን የምትፈታው አሁንም በዚያችው አንድ ኮር ነው። SQMን ከዚህ ጋር አብረሽ አታብሪው። አንዱ እያንዳንዷን እሽግ ላሰልፍ ይላል፣ ሌላው ሳላይ ላሳልፍ ይላል፤ አይስማሙም።

የፋብሪካውን ሶፍትዌር ካልነካሽው ደግሞ ሌላ ነገር ፈትሺ። ብዙዎቹ በቺፑ ውስጥ ያለ አቋራጭ አላቸው፤ `Hardware NAT` ወይም `NAT Boost` ይሉታል። እሱ በርቶ ከሆነ የቆየ ራውተርም ከኔ በላይ ይሄዳል። ባንድዊድዝ መገደቢያ፣ የልጆች መቆጣጠሪያ ወይም የትራፊክ መቁጠሪያ ሲበራ ግን አቋራጩ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። ምክንያቱም ለመቁጠር እሽጓን ማየት አለበት። «ልጆቹ ዩቲዩብ አበዙ» ብለሽ ያበራሽው ነገር ካለ አጥፍተሽ ለኪ። እኔ OpenWrt ሳስጭን ያ አቋራጭ አብሮ እንደሚቀር ማንም አልነገረኝም። የእህቴ ልጅም አያውቅም ነበር፣ አልወቅሰውም። ትንሽ ወቅሼዋለሁ እንጂ።

በመጨረሻ አዲስ አስመጣሁ። አሁንም ከጅዳ፣ አሁንም በሻንጣ። በዚህኛው ጊዜ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ተውኩትና የቺፑን ስም ጠየቅኩ። ሁለት ኮር፣ እያንዳንዱ 1.3 ጊጋኸርዝ የሆነ ኤምቲ7981 የሚባል ነው፤ አቋራጩን OpenWrtም ያውቅለታል። በመጀመሪያው ልኬት 475 ወጣ። `top` ላይ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ተኝቶ ነበር። ሻጭ «ባለ ስድስት አንቴና ነው» ቢልሽ አንቴናው አድራሻ አይቀይርም በይው።

ለጊዜው ማስመጣት ካልቻልሽ ፓኬጁን ራውተሩ ወደሚችለው አውርጂው። እኔ 340 ላይ ስቆም አዲሱ እስኪመጣ 500 መክፈሉን ትቼ ወደ 300 ተመልሼ ነበር። ለማውረድም ያው ቢሮ ሄድኩ። ያው ልጅ ነበር። አላስታወሰኝም።

ሲ7ዋን ግን አልጣልኳትም። ማስተላለፍ፣ አድራሻ መቀየር፣ መደወል የሚባለውን ሥራ ከላይዋ አንስቼ የኋላው ክፍል የዋይፋይ ማሰራጫ አደረግኳት። ለቤቱ ዕቃዎች አድራሻ የምታድልበትን ዲኤችሲፒዋን ታጠፊያለሽ፣ አድራሻዋን ከአዲሱ ራውተር የተለየ ታደርጊያለሽ፣ ኬብሉንም ከቢጫዎቹ የላን ፖርቶች አንዱ ላይ ትሰኪያለሽ። ሰማያዊው የኢንተርኔት መግቢያ ላይ ከሰካሽው ኬላውን መልሰሽ አቆምሽው።