ፈቃድ ስትጠይቁ ቁልፉ ማን እጅ እንደሚቆይ ጻፉ

ለወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

በቅርቡ የአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን የተረከበች ወጣት ፋርማሲስት «ጋሼ፣ የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ሥራዬን ማን እንደሚሸፍን መጻፍ ያለብኝ እኔ ነኝ ወይስ ሰው መመደብ የአለቃዬ ድርሻ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። አጭሩ መልስ፣ አስቦ ማቅረብ የጠያቂው፣ መመደብና መፈረም ደግሞ የአለቃው ነው የሚል ነው። ይህን ነግሬያት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ብዙ ዓመታት ያለፉት አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ።

ያኔ በተመላላሽ ሕክምና ፋርማሲ የምሠራ ጀማሪ ነበርኩ። የመድኃኒት መጋዘኑን የያዙት ሰው በጥንቃቄያቸው የታወቁ ነበሩ፤ የየመድኃኒቱ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቢን ካርዳቸው ላይ ስርዝ ድልዝ አይገኝም፣ ያለ ወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 አንዲት ካርቶን ከደጃቸው አትወጣም። የእህታቸው ሠርግ ከዐቢይ ጾም በፊት በመሆኑ በጥር ማብቂያ ፈቃድ ጠየቁ። በዚያ ዘመን ማመልከቻ በእጅ ተጽፎ መዝገብ ቤት ይገባል፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም ቀን ያልተጻፈበትን ወረቀት ፊት ለፊት ትመልስ ስለነበር ሁላችንም ከአለቃው ይልቅ እሷን እንፈራ ነበር። የእሳቸው ማመልከቻ ንጹሕ ነበር፤ ቀኑም፣ የቀሪ ፈቃዳቸው ልክም ተጽፏል። ስለ ሥራው ግን የነበረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «በማልኖርበት ጊዜ ሥራዬን የሥራ ባልደረባዬ ይሸፍናሉ።» አለቃው በኅዳጉ ላይ «ተፈቅዷል» ብሎ ፈረመበት።

ባልደረባ የተባለችው ከእኔ ጋር የምትሠራ ፋርማሲስት ነበረች፤ ሸፍኚ ስትባል የተረዳችው የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መልስ መስጠትን ነው። በስሟ የተጻፈ ውክልና አልነበረም፤ ስለዚህ ዕቃ ወጪ አድርጋ መፈረም አትችልም። ቁልፉ ደግሞ ከእሳቸው ጋር አገር ቤት ሄዷል። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ያለ ርክክብ ቁልፍ መስጠት ንብረቱን እንዳለ መስጠት መሆኑን በፊርማው ንብረት የያዘ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ አመሻሽ ላይ በማዋለጃ ክፍል የነበረው ኦክሲቶሲን ሊያልቅ ደረሰ። መጋዘኑ ውስጥ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከወለደች በኋላ ደም ለሚፈሳት እናት ደግሞ እስከ ነገ ጠብቂ አይባልም። የተረኛ ኃላፊው፣ አንድ የፋይናንስ ሠራተኛና እኔ ኮሚቴ ሆነን መቆለፊያውን አሰበርን። ኦክሲቶሲኑን አወጣን፤ በሩ መከፈቱን የሰሙ ክፍሎችም ጓንት፣ መርፌና አንቲባዮቲክ እያሉ መጡ፤ በተገኘው ወረቀት ላይ እያስፈረምን ሰጠናቸው። ከዚያ በሩን በወረቀትና በማኅተም አሽገን ቃለ ጉባኤ ጻፍን። ማሸጊያው በቀጣዮቹ ቀናትም በሌሎች ሰዎች ተከፍቷል።

ሰውዬው ሲመለሱ ቆጠራ ተደረገ፤ የተወሰነ ጓንትና አንቲባዮቲክ ጎደለ። ጉድለቱ ከመሄዳቸው በፊት ይሁን ከሄዱ በኋላ የሚያረጋግጥ አንድም ሰነድ አልነበረም፤ በሄዱበት ቀን ማንም አልቆጠረምና። የኛ ቃለ ጉባኤ የሚናገረው ያወጣነውን እንጂ ስንገባ ያገኘነውን አይደለም። ኦዲተሩ ጉድለቱን ንብረቱን በፊርማቸው በያዙት ሰው ስም መዘገበ፤ ከደመወዛቸውም ለወራት ተቆረጠ። እንዲያ ያለ ጠንቃቃ ሰው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ስሙ ሲነካ ማየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ «ይሸፍናሉ» የሚለው ቃል ሥራውን ሳይለይ ስለሚያልፍ አደገኛ ነው። በመጋዘን ሥራ አንዳንዱ ነገር ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ነው፤ አንዳንዱ ፊርማና ኃላፊነት ያለው ሰው ብቻ የሚሠራው ነው፤ የቀረው ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ልትጨርሱት ወይም እስክትመለሱ ሊቆይ የሚችል ነው። ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ሥራችሁን በዚህ ለዩት። በፊርማ የሚሠራው እያነሰ በሄደ ቁጥር ፈቃዱም ቀላል ይሆናል።

መጋዘኑን ሙሉ በሙሉ ማስረከብ ማለት እያንዳንዱን መድኃኒት መቁጠር፣ ከቢን ካርድ ጋር ማመሳከር፣ ስትመለሱም ያንኑ መድገም ነው፤ ለአጭር ፈቃድ አይመከርም። የተሻለው መንገድ ፋርማሲዎቹ የሚያስፈልጋቸውን ቀድሞ ወጪ አድርጎ ዋናውን መጋዘን አንድ ጊዜ ቆጥሮ ማሸግ ነው። ለምሳሌ ከጥር 26 እስከ የካቲት 11 ፈቃድ ወጥታችሁ የካቲት 12 የምትመለሱ ከሆነ፣ መጋዘኑ ዓርብ ጥር 23 ይታሸጋል። ለመዘግየትም አንድ ሳምንት ጨምራችሁ እስከ የካቲት 18 ያለውን ብታስቡ 25 ቀን ይሆናል። በወር 600 ብልቃጥ ሴፍትሪአክሶን የሚወስድ ፋርማሲ በቀን 20 ስለሚጠቀም 500 ብልቃጥ በሞዴል 22 ወጪ ታደርጉለታላችሁ ማለት ነው።

ይህ መላ አንድ ወጥመድ አለው። የሁለት ወሩ የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ፣ አርአርኤፍ የምንለው፣ በጥር መጨረሻ የሚዘጋ ከሆነና ፍጆታው በመጋዘን ወጪ ብቻ ከተሰላ፣ ከ500ው ውስጥ በጥር ቀሪ 7 ቀናት የሚያልቀው 140 ቢሆንም የቀረው 360 ጭምር እንደ ፍጆታ ይቆጠራል። ከፍተኛው ክምችት የሚገኘው የሁለት ወሩን ፍጆታ በሁለት በማባዛት ስለሆነ ስሌቱ በ720 ብልቃጥ ያብጣል። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በመጋዘን የሚከመረው አንዳንዴ እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። ስለዚህ በቅጹ የማስታወሻ ዓምድ ላይ ትርፉ ለምን እንደወጣ መጻፍና ቁጥሩን ማስተካከል ያስፈልጋል። መልካሙ ጎን ደግሞ፣ የታሸገ መጋዘን ቀሪው ስለማይለወጥ ሪፖርቱን ከመሄዳችሁ በፊት አብዛኛውን ማዘጋጀት መቻላችሁ ነው።

በዚህ መንገድ የማይፈታው የፍሪጁ ጉዳይ ነው። ኢንሱሊንና ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለባቸው፤ የፋርማሲው ትንሽ ፍሪጅም የሦስት ሳምንት ኢንሱሊን አይችልም። ስለዚህ ይህን ክፍል ብቻ ለይታችሁ በቆጠራና በፊርማ ታስረክባላችሁ። ፍሪጁ የሚታሸገው መጋዘን ውስጥ ካለ ቀደም ብላችሁ ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩትና ሙቀቱ መረጋጋቱን ካያችሁ በኋላ መድኃኒቱን መልሱ። ተረካቢው ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አይቶ ይመዘግባል፤ ቅዳሜና እሑድም ጭምር። ብዙ ሰው የሚፈራው መሞቁን ብቻ ነው፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊንም ግን ሟሙቶ አይሰጥም፣ ይወገዳል። መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተር የሚያስነሳው ሰው በማታና በበዓል ማን እንደሆነ ተረካቢው በስም ማወቅ አለበት።

አሁን ያን የቀድሞ ባልደረባዬን ማመልከቻ እኔ ብጽፈው ኖሮ እንዲህ አደርገው ነበር፦

«ለፋርማሲ ክፍል ኃላፊ። ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ። ከጥር 26 እስከ የካቲት 11 ቀን ለ12 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጠኝ እየጠየቅሁ፣ የካቲት 12 ቀን በሥራ ላይ እንደምገኝ አሳውቃለሁ። ፋርማሲዎችና የሕክምና ክፍሎች እስከ የካቲት 18 የሚበቃቸውን ጥር 22 እና 23 ቀን ወጪ አደርግላቸዋለሁ፤ ዋናው መጋዘን ጥር 23 ቀን እርስዎ በሚመድቡት ታዛቢ ፊት ተቆጥሮ ይታሸጋል። የፍሪጅ መድኃኒቶችን በዚሁ ቀን ለፋርማሲስት እገሌ በቆጠራ አስረክባለሁ፤ ተነጋግረን ተስማምተዋል፤ በፍሪጁ መድኃኒቶች ላይ ብቻ ወጪ የማድረግ የጽሑፍ ውክልና እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ። የታኅሣሥና የጥር ሪፖርት የፍሪጁ ቀሪ ብቻ ሲጨመርበት እስከ የካቲት 10 እንዲላክ አዘጋጅቼ እተዋለሁ። መጋዘኑን በአስቸኳይ መክፈት ቢያስፈልግ ትርፍ ቁልፉ በታሸገ ፖስታ በእርስዎ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሦስት ሰዎች ባሉበት ተከፍቶ፣ የሚፈለገው መድኃኒት ከመውጣቱ በፊት ቀሪው ተቆጥሮ፣ የወጣውም በሞዴል 22 እንዲመዘገብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ማመልከቻ አጭር ይሁን እያልኩ ኖሬ ይህን ያህል መጻፌን አይቻለሁ። ቢሆንም እዚህ ውስጥ ስለ ሠርጉ አንድም ቃል የለም፤ የዓመት ፈቃድ መብት ስለሆነ የሚዘረዘረው ምክንያቱ ሳይሆን ሥራው ነው። ስለ ትሕትና፣ ስለ ሰላምታና ስለ ቀድሞ መጠየቅ አልጽፍም፤ ይህን ታውቁታላችሁ ብዬ ነው፣ ምንም እንኳ ማታ በቴሌግራም «ነገ አልገባም» ብሎ የሚልክ ወጣት በየመሥሪያ ቤቱ ቢበዛም። በአንጻሩ የርክክቡን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስታችሁ መያዛችሁ እኛ ያላገኘነው ጥሩ ልማድ ነው።

«እገሌ ተስማምተዋል» የሚለውን ሳትነጋገሩ አትጻፉት፤ ተረካቢው ራሱ በእነዚያ ቀናት ፈቃድ ወይም ሥልጠና ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ። አለቃው ሌላ ሰው ከመረጠም አትከራከሩ፤ የእናንተ ጉዳይ የተመረጠው ሰው ከጥር 23 በፊት ውክልናው በእጁ መግባቱ ነው። በኅዳጉ ላይ «ተፈቅዷል» ተብሎ ብቻ ከተመለሰ ለፈቃዱ እንጂ ለውክልናው መልስ አላገኛችሁምና መልሳችሁ ጠይቁ።

የተናገርኩት ሁሉ የሚሠራው ታስቦበት ለሚወጣ ፈቃድ ነው። ለቅሶ ሲመጣ 25 ቀን አስቦ ወጪ ማድረግ የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሚመለከታችሁ በግል ተቋም የምትሠሩ ለቅርብ ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ታገኛላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ግን ሦስቱን ቀን በመንገድ ትጨርሱታላችሁ። በዚያን ቀን ማመልከቻው ሁለት መስመር ይበቃዋል፦ መርዶውንና የምትሄዱበትን ቀን አንዱ፣ ቁልፉን በታሸገ ፖስታ ለማን እንደሰጣችሁና መጋዘኑ ሳይቆጠር እንዳይከፈት መጠየቃችሁን ሌላው። ፖስታው ላይ እናንተም ተረካቢውም ማሸጊያውን አቋርጣችሁ ፈርሙ፤ ሰዓቱንም ጻፉበት።