ሁለት ምርጫ ከጣሉ በኋላ መገመት ያዋጣል ወይ?

«የፊታችን ቅዳሜ ጅማ ላይ የቅጥር ፈተና አለኝ። ባለ አራት ምርጫ ነው፤ ላገኘሁት 1 ነጥብ፣ ለሳትኩት ደግሞ ሲሶ ይቀነሳል። ሁለቱን ምርጫ ከጣልኩ በኋላ ልገምት ወይስ ባዶ ልተወው?»

ገምት ወንድሜ። እኔ ይህን ባለማወቄ ዋጋ ከፍያለሁ። ከዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ እንዲህ ያለ ፈተና ስፈተን፣ ሁለት ምርጫ ላይ ደርሼ የቆምኩባቸውን 12 ጥያቄዎች ቅጣቱን ፈርቼ ባዶ ተውኳቸው። ማታ ቤት ገብቼ ሒሳቡን ስሠራው እንቅልፍ አጣሁ። ገምቼ ቢሆን በአማካይ 6 አገኛለሁ፣ 6 እስታለሁ። ለስድስቱ ስህተት የሚቀነሰው 2 ነጥብ ብቻ ነው። 4 ነጥብ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ ማለት ነው።

ምንም ሳትጥል በጭፍን ብትገምትስ? በአማካይ ከአራት ጥያቄ አንዱን ታገኛለህ፣ ሦስቱን ትስታለህ። ሦስት ጊዜ ሲሶ አንድ ሙሉ ነጥብ ነው፤ ያገኘኸውን ይበላዋል። አትጠቀምም፣ አትጎዳም። ስለዚህ አንድ ምርጫ እንኳ በትክክል ከጣልክ ሚዛኑ ወደ አንተ አጋደለ።

ጣጣው ያለው «በትክክል» የምትለዋ ላይ ነው። አሁን ጅሬን አካባቢ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። «ኦክስጅን የያዘ ደም ወደ ልብ የሚያመጣው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ሰጠሁ። አንዷ ልጅ «ደም መልስ ኦክስጅን አይዝም» ብላ የሳንባ ደም መልስን መጀመሪያ ሰረዘችው። መልሱ ግን እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ከቀሩት የቱንም ብትመርጥ ያው ስህተት ነው።

ይህ ምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ ለማወቅ፣ ሁለት ጥለው የገመቱበት ጥያቄ አጠገብ በእርሳስ «ግ» እንዲጽፉ አደረግኩ። የአንዱን ልጅ 30 «ግ» ሳርም፣ በ6ቱ ላይ መልሱ ከጣላቸው ውስጥ ነበር። ከቀሩት 24 ውስጥ 12ቱን አገኘ። ስለዚህ 12 ትክክል፣ 18 ስህተት። ለስህተቱ 6 ሲቀነስ 6 ነጥብ ተረፈው። አጣጣሉ እንዲያ ተበላሽቶም አዋጣው። በአንተ ፈተና ሁለት ጥለህ መገመት የማያዋጣህ፣ ከግማሽ በላይ ጊዜ ትክክለኛውን መልስ የምትጥል ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ብቻ ስትጥል ግን ጠንቀቅ በል፤ ከአራት አንዴ በላይ መልሱን ከጣልክ ትከስራለህ።

ቅዳሜ ወረቀቱ ሲሰጥህ መጀመሪያ መመሪያውን አንብብ። ቅጣቱ ግማሽ ነጥብ ከሆነ፣ አንድ ጥለህ ብትገምት ትርፉ ዜሮ ነው፤ ሁለት መጣል አለብህ። ሙሉ 1 ነጥብ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጥለህም ትርፍ የለም። ያ ልጅ በዚያ ቅጣት ቢፈተን 12 አግኝቶ 18 ይቀነስበት ነበር። እስከዚያው አንድ የድሮ ፈተና ውሰድና «ግ»ህን ቁጠር።