«ቀልድ ነው እኮ» ለሚሉ ባልደረቦች ምን ይመለሳል?

«በአንድ የግል ድርጅት ገንዘብ ያዥ ነኝ። ጉራጌ በመሆኔ ሒሳብ በተነሣ ቁጥር ‹ሳንቲም ካየች አትለቅም› እያሉ ይሥቁብኛል። ለዓመታት አብሬ ስሥቅ ኖሬ ዛሬ ብቆጣ አያስገርምም?»

አያስገርምም። ሰው በራሱ ላይ ሲቀለድ አብሮ የሚሥቀው ብዙ ጊዜ ያችን የመሸማቀቅ ደቂቃ ለማለፍ ስለሆነ፣ ሣቅዎ እንደ ፈቃድ አይቆጠርብዎትም። በእርስዎ ሥራ ላይ ደግሞ ቀልዱ የተለየ አደጋ አለው። ከካዝናው ሁለት መቶ ብር የጎደለ ቀን ቆጠራው ሳይደገም ዓይን ሁሉ ወዴት እንደሚዞር ያስቡት፤ ሲደጋገም የኖረው ቀልድ ያን ዕለት እንደ ማስረጃ ይነሣል።

ቀልዱ በተነገረበት ሰዓት ድምፅዎን ከፍ ሳያደርጉ «አልገባኝም፤ ምን ማለትህ ነው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ይጠብቁ። እንዲህ ያለው ቀልድ የሚያሥቀው ሁሉም የሚያውቀውን፣ ነገር ግን ማንም በግልጽ መናገር የማይፈልገውን ነገር ሸፍኖ ስለሚያልፍ ነው፤ ተናጋሪው «ጉራጌ ገንዘብ ስለሚወድ» ብሎ ለማብራራት ሲገደድ የሚሥቅለት አያገኝም። ከዚያ «እስከ ዛሬ አብሬ ሥቄያለሁ፤ ከእንግዲህ ግን በብሔሬና በካዝናው አትቀልድብኝ» ማለት ይበቃል። «ቀልድ ነው እኮ» ቢልዎት «ገብቶኛል፤ ቢሆንም ተወው» ይበሉት እንጂ ቀልድ ያውቃሉ አያውቁም ወደሚል ክርክር አይግቡ። በእሱ ብሔር ቀልደው መመለስም አይጠቅምዎትም፤ ነገ አቤት ቢሉ «ሁለቱም ይቀላለዳሉ» ይባላል። ተናጋሪው አለቃዎ ከሆነ ግን በሰው ፊት የተጠየቀው ጥያቄ እንደ ድፍረት ስለሚታይ፣ ለብቻው አግኝተው ይንገሩት።

«ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባችን በተናገረ ቁጥር የኦሮምኛ ቅላጼውን እየቀዱ ይሥቁበታል። ጣልቃ ብገባ እሱን ይበልጥ አሳፍረው ይሆን ብዬ ዝም እላለሁ።»

ስጋትዎ ከንቱ አይደለም፤ በሰው ስም የሚደረግ ረዥም ተግሣጽ ተበዳዩን የስብሰባው አጀንዳ ያደርገዋል። እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ እንደ እርስዎ ዝም ብዬ ነበር። ያ ባልደረባችን ከጊዜ በኋላ ሪፖርቱን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ሌላ ሰው እንዲያነብለት መስጠት ጀመረ፤ እኛም ዓይን አፋር ነው አልን።

ዛሬ ብሆን የማደርገው አጭር ነው። «እኔን አላሣቀኝም» ብዬ በራሴ ስም እናገራለሁ፣ ወዲያው ወደ እሱ ዞሬ «ስለ መጋዘኑ ቆጠራ የጀመርከውን ጨርስልን» እላለሁ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ የተነጠቀውን የመናገር ተራ የሚመልስለት እሱ ነውና። ከስብሰባው በኋላ ለብቻው «ቅድም የሆነው ደስ አላለኝም፤ አንተ ምን እንዲደረግ ትፈልጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። «ተወው» ካለ ስሙን ይዘው ወደ አለቃ አይሂዱ። ቀልደኛውን ግን በራስዎ ስም ቢያነጋግሩት የማንንም ፈቃድ አይሻም።

«የቡድን መሪ ነኝ። በየወሩ መጨረሻ ሥጋ ቤት ምሳ እንበላለን፤ ሁለቱ ሙስሊም ልጆች አይመጡም። ማንም ‹አትምጡ› አላላቸውም።»

ሥጋ ቤቱ ብሏቸዋል። አንዱ ሃይማኖት ያረደውን ሌላው እንደማይበላ እያወቁ ቦታውን የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ ለስላሳ ይዘው አጠገባችሁ እንዲቀመጡ መጋበዝም መፍትሔ አይሆንም። የጾም በያይነቱ ለሁሉም ይሆናል፤ በረመዳን ግን የምሳ ግብዣውን ያሸጋግሩት።

ይልቅ አንድ ነገር ያጣሩ፦ የቀጣዩ ወር ፈረቃና የመስክ ጉዞ የሚደለደለው እዚያው ምሳ ላይ ነውን? ከሆነ ልጆቹ የቀረባቸው ክትፎ ሳይሆን አበልና ዕድገት ነው። ምሳው የትም ቢሆን፣ ድልድሉ ሁሉም በተገኙበት ቢሮ ውስጥ ይሁን።

«አቤት ብል ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ እፈራለሁ። ሕጉ ምን ይላል?»

በግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆኑ የሚመለከትዎት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 14 አሠሪው በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ይደነግጋል። ክልከላው የተጻፈው በአሠሪው ላይ ስለሆነ የባልደረባ ቀልድ ብቻውን እዚያ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ቅሬታውን ለአለቃዎ በጽሑፍ አስገብተው ቅጂው ላይ የተቀበለውን ሰው ፊርማና ቀን ያስፍሩ፤ አለቃው እያወቀ ዝም ማለቱን የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው። በቅሬታው ውስጥ «ሰደበኝ» ብቻ ብለው አይለፉ፤ የተባለውን ቃል እንደተባለ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በቦታው የነበሩትን ይጻፉ። በቴሌግራም የተላከ ከሆነም ላኪው ሳያጠፋው በፊት የስልክዎን ገጽ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት።