ብብቱ የወረደ ቀሚስ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የልብስ ስፌት ተምሬ ከወጣሁ በኋላ የምሠራው ከአያቴ ጋር ነው። አያቴ ከአርባ ዓመት በላይ የሐበሻ ቀሚስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ የለመድኩት ልኩን በወረቀት ላይ ነድፎ፣ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አሳርፎ መቁረጥ ነው፤ እሳቸው ግን ወረቀቱን ያነሡብኝና «ጨርቁን እዪው» ይሉኛል። ምኑን እንደማየው ስጠይቃቸው ሌላ ቆርጠው ያሳዩኛል እንጂ አያብራሩልኝም። ባለፈው ወር ለአክስቴ የሸማ ቀሚስ ብቻዬን ቆረጥኩ። ደረቷ 104 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ብብቱን 25 አድርጌው ነበር። ስትለብሰው እጇን ማንሣት አቃታት። የጠበባት መስሎኝ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ ብቆርጠው ባሰበት፤ አሁን እጇን ስታነሣ ቀሚሱ በሙሉ አብሮ ይነሣል። አያቴ አይተው ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከቁጣ በላይ ከበደኝ። ወደ ወረቀቴ ልመለስ ወይስ ልታገሥ? ከታገሥኩስ ከማይናገር ሰው እንዴት ልማር?

ከአዲስ አበባ

ውድ ልጄ፣

እኔንም መቁረጥ ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው፤ የእናቴ አባት። ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማ ነጋዴዎቹ ሱቆች ጀርባ በነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ሲንጀር፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ መቀስ ይዘው ይሠሩ ነበር። እሳቸውም እንደ አንቺ አያት ከአፋቸው ቃል አይወጣም ነበርና የምነግርሽ ያሉኝን ሳይሆን ሲያደርጉ ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት መቀሱን አላስነኩኝም። ሥራዬ ጥበብን ከጥበብ ጋር ማጋጠም ብቻ ነበር። የፊቱንና የኋላውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለሁ፣ እያንዳንዱን በቁመቱ መሐል ለመሐል አጥፋለሁ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አስተኝቼ ከታች ያሉት ጥበቦች መስመር በመስመር እስኪገጥሙ ድረስ አስተካክላለሁ፣ ከዚያም በስፒል እይዛቸዋለሁ። እሳቸው መጥተው በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ይዳስሱና አንድ ክር ያህል ከተዛነፈ ስፒሉን ነቅለው ወደ ሲንጀራቸው ይመለሳሉ። እኔም እንደገና እጀምራለሁ።

ይህ ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከፋብሪካ በሚመጣ ጨርቅ ላይ የቀሚሱን ጫፍ የሚወስነው ሰፊው ነው፤ ከትከሻ ጀምሮ ወደ ታች ይለካል፣ ከታች የተረፈውን ቆርጦ ይቀመቅማል። በሸማ ቀሚስ ላይ ግን ጫፉን ሸማኔው አስቀድሞ ወስኖታል፤ ጥበቡ የተሠራበት ቦታ ጫፍ ነው፣ ከዚያ በታች የሚቆረጥ ነገር የለም። ስለዚህ ልኬቱ ከጥበቡ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። የቀሚሱ ቁመት 125 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከጥበቡ ጫፍ 125 ወጥተሽ ለትከሻ ስፌት 3 ጨምረሽ ምልክት ታደርጊያለሽ፤ ስሕተት ቢኖር እንኳ ስሕተቱ ትከሻ ላይ ይቀራል፣ ሊስተካከልም ይችላል። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ደግሞ ድሩና ማጉ ሁልጊዜ ቀጥ ብለው አይገናኙም። አያቴ ከላይ በኩል አንዲት የማግ ክር ቀስ አድርገው ይመዝዙና በተመዘዘችበት የሚቀረውን ቀጭን መስመር ያያሉ፤ መስመሩ ከጥበቡ ጋር እኩል ካልሄደ ጨርቁን በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖቹ ይዘን እኔ ከዚህ እሳቸው ከዚያ እንስበው ነበር። የአንቺ አያት «ጨርቁን እዪው» ሲሉሽ በመጀመሪያ ይህን ማለታቸው ይመስለኛል። ወረቀቱ የሰውነትን ልክ ይነግርሻል፤ ይህ የተለየ ጨርቅ ወዴት እንዳዘነበለ ግን አያውቅም።

ከዚያ ሲባጎው መጣ። አያቴ ሜትር ነበራቸው፤ ለሴት ቀሚስ ግን ብዙ ጊዜ ደረቷን በሲባጎ ይለኩና ሲባጎውን ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት ያጥፉታል። ጨርቁ አራት ድርብ ስለሆነ አራተኛው እጥፍ በቀጥታ ከመታጠፊያው ጀምሮ ይለካል። ደረቷ 96 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሴት ብትሆን የሲባጎው ሩብ 24 ይሆናል፤ እንዳይጠብባት 3፣ ለስፌት 3 ሲጨመር 30 ላይ በሳሙና ቁራጭ ምልክት ያደርጋሉ። የሸማው ወርድ 90 ከሆነ የታጠፈው 45 ነው፤ ስለዚህ ከብብት ሥር 30 ላይ ተነሥቶ ጥበቡ ጋ 45 እስኪደርስ እየሰፋ የሚወርድ አንድ መስመር ይሰመራል። ጥበቡ አይነካም፤ ከጎን የሚወጣውም ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች እየሾለ የሚሄድ ቁራጭ ነው። ያንን ቁራጭ አይጥሉትም ነበር። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሻለሁ፤ ለአክስትሽ ያስፈልግሻል።

የብብቱን ጥልቀት ግን በምን እንደሚያውቁት ለረጅም ጊዜ ሊገባኝ አልቻለም። ሲባጎውን ከትከሻው ወደ ታች ይለቁታል፣ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፣ ያሰምራሉ። ብጠይቃቸው «እዚህ ነው» ብቻ ነበር መልሳቸው። አንድ ቀን ግን አስምረው ቡና ሊጠጡ ሲወጡ ሜትር አነሣሁና መስመራቸውን ለክቼ የሴትዮዋን ደረት ከጎኑ አድርጌ በትንሽ ደብተር ጻፍኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሰመሩ ቁጥር፣ መቀስ ከማንሣታቸው በፊት፣ እለካ ነበር። አሥር ያህል ቀሚስ ከጻፍኩ በኋላ ነገሩ በራሱ ወጣ፦ ደረቷ 88 ለሆነችው 20፣ 96 ለሆነችው 22፣ 104 ለሆነችው 24። ሩቡ ላይ አንድ ጣት፣ ማለትም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ሲቀነስ ማለት ነው። ደብተሩን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና ሲባጎውን አንሥተው ለአራት አጠፉ፤ ጫፉን ትከሻው ላይ አድርገው፣ ከታች አንድ ጣታቸውን በአግድም ገጥመው አሳዩኝ። ጣታቸውን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ልኬት መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። አያትሽ ሲያሰምሩ ዝም ብለሽ ተመልከቺ፤ ከመቁረጣቸው በፊት ብብቱን፣ የአንገቱን ወርድ፣ የትከሻውን ዝቅታ፣ የጎኑን ስፋት ለክተሽ ጻፊ። ብትደብቂያቸው ግን ደስ አይለኝም፤ «አባባ፣ ልለካው» ብለሽ በፊታቸው ለኪ። ከደንቡ የወጣ ቁጥር ባገኘሽ ጊዜ ደግሞ ቀሚሱ የማን እንደሆነ ጠይቂ። በእኔ ደብተር ላይ ሁለት ቀሚሶች አልገጥም ብለውኝ ነበር፤ የኋላው ከፊቱ በሁለት ጣት ይረዝማል። የተሳሳቱ መስሎኝ ብነግራቸው፣ አንደኛዋ እናት ቀሚሳቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በበሩ ሲገቡ እንድመለከታቸው በዐይናቸው ጠቀሱኝ። ጀርባቸው ጎብጧል፣ ደረታቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ቀሚሱ ለፊትና ለኋላ እኩል ቢቆረጥ ኖሮ ጥበቡ ከኋላቸው ሽቅብ ይሰቀል፣ ከፊታቸው መሬት ይጠርግ ነበር። አያቴ ይህን ያዩት ሲባጎውን ከማውጣታቸው በፊት፣ ሴትዮዋ ገና ከበሩ ስትገባ ነው።

ስለ መቁረጡ ቅደም ተከተል አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ጨርቅ ያበላሻል። አያቴ አራቱን ድርብ አንድ ላይ የሚቆርጡት ጎኑን፣ ትከሻውንና የኋላውን ብብት ብቻ ነበር። ከዚያ የኋላውን አንሥተው ወደ ጎን ያስቀምጡና የፊቱን ብቻ፣ በብብቱ ጥምዝ መሐል 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አጉድለው ይቆርጡታል፤ ክንዳችን ወደ ፊት ስለሚሠራ ፊቱ ላይ የሚተርፈው ጨርቅ ይታጠፋል። አንገቱን ደግሞ በመጨረሻ፣ ያውም ከሚፈለገው አጥብበው ነበር የሚቆርጡት። እኔን ይህን ሁሉ ያለማመዱኝ በአቡጀዲ ነው። የመጀመሪያውን ሸማ እስኪሰጡኝ ድረስ ስንት አቡጀዲ እንደቆረጥኩ አላስታውስም።

ወደ አክስትሽ ቀሚስ ልምጣ። ለ104 ደረት 25 ማድረግሽ ብዙ የሚያስወቅስ አልነበረም፤ ከ24 በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የበለጠው። እኔ የምጠረጥረው እጅጌውን ነው። የአክስትሽን ክንድ ከብብት ሥር ዙሪያውን ለኪ፤ የእጅጌው ስፋት ከዚያ ቢያንስ በሦስት ጣት፣ ማለትም በ6 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ያጠበባት እሱ ነው። ብብቱን ማውረድሽ ግን ነገሩን አከፋው። እጅጌው ከቀሚሱ የሚገናኘው ብብት ሥር ነውና መገናኛው ወደ ወገብ በወረደ ቁጥር ክንድ ሲነሣ የጎኑን ጨርቅ እየጎተተ ይነሣል፤ ከፍ ያለ ብብት ሲሆን ግን ክንዱ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። ብብት ሲጠብ ወደ ታች መቁረጥ የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

የተቆረጠውን መመለስ አይቻልም፤ ከጎን የወጣው ቁራጭ ግን እጅሽ ላይ ካለ ቀሚሱ ይድናል። ከቁራጩ 14 በ14 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ካሬዎች ቁረጪ፤ ለእያንዳንዱ ብብት አንድ ነው። ከብብቱ ነጥብ ጀምረሽ የጎኑን ስፌት 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች፣ የእጅጌውን ስፌት 10 ሳንቲ ሜትር ወደ እጅ በኩል ፍቺ። የተከፈተው ቦታ አራት ጠርዝ አለው፤ የካሬው አራት ጎኖች በየተራ በእነዚህ ላይ ይሰፋሉ፣ 2 ሳንቲ ሜትር በየጎኑ ለስፌት ይቀራል። አንዱ ማዕዘን ወደ ጎን፣ ተቃራኒው ወደ እጅጌው ይጠቁማል፤ የቀሩት ሁለቱ የፊትና የኋላ የብብት ስፌት ላይ ያርፋሉ። ሸማ ቶሎ ስለሚተረተር ማዕዘኖቹን ከመስፋትሽ በፊት ዳሩን በመርፌ ያዢው፤ ማዕዘን ላይ ስትደርሺ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ አቁመሽ የመኪናውን እግር አንሺና ጨርቁን አዙሪ። እጅጌው ክንዷ ላይ ጠባብ ሆኖ ከነበረ ይኸው ካሬ ከብብቱ አጠገብ እሱንም ያሰፋዋል።

ወረቀትሽን አትጣይው። አርባ የተማሪ ዩኒፎርም በአንድ ልክ ቢመጣልሽ በሲባጎ እያጠፍሽ መቁረጥ ጊዜ ማባከን ነው። የሸማ ቀሚስ ሲሆን ግን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አድርጊና ከጥበቡ ጀምሪ። ካሬውን ከመስፋትሽም በፊት በስፒል ይዘሽ አክስትሽን አልብሺያትና አያትሽ ባሉበት እጇን እንድታነሣ አድርጊ፤ በዚያን ጊዜ የሚያዩት የት ላይ እንደሆነ ተከታተዪ።