ሰው ስብከቱን የት ላይ ይዘጋዋል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ዩቲዩብ ላይ ስለ ንስሐ የጫንናቸው ስብከቶች ሁለት ደቂቃ ሳይሞላቸው ይዘጋሉ። የቅዱሳን ገድል ግን ግማሽ ድረስ ይታያል። ሕዝቡ ንስሐ መስማት አይፈልግም ማለት ነው?

መልስ፦ ሊንኮቹን ስለላክሽልኝ ተባረኪ፤ አየኋቸው። ርእሱን ከመክሰስሽ በፊት ሁለቱ እንዴት እንደሚጀምሩ አስተያዪ። የንስሐው መጀመሪያ አርማችሁ ይሽከረከራል። ቀጥሎ መዝሙር አለ፣ ከዚያ «ሰብስክራይብ አድርጉ»፣ ከዚያ የጉዞ ማስታወቂያ። መምህሩ አፉን የሚከፍተው ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ነው። ገድሉ ደግሞ «በስመ አብ» ተብሎ ወዲያው ታሪኩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሰው የሸሸው ንስሐን አይደለም። ገና አልሰማውማ!

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ቪዲዮውን ከፍተሽ Analytics ስትገቢ የተመልካች መቆያ መስመር አለ፤ Audience retention ይለዋል። እሱን ስታዪ ቁጥሩን ትተሽ ቅርጹን ተመልከቺ። መጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ላይ ቁልቁል ከወረደ፣ ጥፋቱ የአርእስቱ፣ የሽፋን ምስሉ ወይም የመግቢያው ነው። መሃል ላይ ድንገት ከተሰበረ፣ እዚያ ደቂቃ ላይ የተባለውን ሂደሽ ስሚ። ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ግን ጤነኛ ነው፤ አብዛኛው ቪዲዮ እንደዚያ ነው።

ከላክሻቸው ሦስት የንስሐ ስብከቶች መግቢያው አጭር የሆነውን እንይ። መስመሩ እስከ 9ኛው ደቂቃ ይዘልቃል፣ ከዚያ ይሰበራል። ምን ሆነ? መምህሩ ረጅም የግእዝ ንባብ ጀመረ፤ ትርጓሜው የመጣው ዘግይቶ ነው። 14ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ መስመሩ ወደ ላይ ይነሣል። ሰው እየመለሰ አይቶታል ማለት ነው። እዚያ የሚነገረው ንስሐ አባት የሌለው ሰው ማንን፣ እንዴት ብሎ እንደሚጠይቅ ነው። ቀጣዩን ቪዲዮ በዚያች ጥያቄ ጀምሩት።

ጥያቄ፦ ሰው ቪዲዮዬን የሚያየው በአማካይ 30 በመቶውን ነው። ጥሩ ነው?

መልስ፦ የስንት ደቂቃ ቪዲዮ? የ5 ደቂቃ ከሆነ ደካማ ነው፣ የአንድ ሰዓት ጉባኤ ከሆነ ደስ ይበልህ። ርዝመታቸው የማይቀራረብ ቪዲዮዎችን አታወዳድሩ።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ ግን ቃለ እግዚአብሔር በመስመር ይለካል እንዴ? ነገ «ጾም ተመልካች አያመጣም» ብለን ልንተወው ነው?

ሌላ አባል፦ ማን ተው አለ? ጌታም ለሕዝቡ በምሳሌ ያስተማረው የሚሰማውን ሰው አይቶ ነው።

አንድ አባል፦ ምሳሌውንም ያልተረዱት ነበሩ። ቢሆንም አልቀየረላቸውም።

መልስ፦ ክርክራችሁን በኋላ ቀጥሉበት። ምን እንደሚሰበክ የሚወስነው መምህሩ ነው። መስመሩ የሚያሳየው ሰሚው የት እንደቀረ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ መዝሙሮች ከስብከቶቼ ሁሉ በላይ ይቆያሉ። ስብከቱን ትቼ መዝሙር ላይ ላተኩር?

መልስ፦ መዝሙርና ገድል ትረካ ተከፍቶ ወጥ ይሠራበታል፣ ቡና ይፈላበታል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማንም አያየውም፣ ማንም አይዘጋውም። መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄዳል። ያ ልብ ብሎ መስማት ይሁን አይሁን መስመሩ አይነግርህም። አስተያየቶቹን አንብብ፤ ሰው የሰማውን ጠቅሶ ከጠየቀ ሰምቷል። መዝሙርን ከመዝሙር፣ ስብከትን ከስብከት ጋር አወዳድር።

ጥያቄ፦ የፍልሰታ ትምህርቴ ነሐሴ ላይ ጥሩ ነበር፤ መስከረም ላይ ሞተ። ርእሱ ሰው አይዝም ማለት ነው?

መልስ፦ ያልሽው የተመልካች ብዛት ነው፤ እኛ የምናወራው ስለ መቆያ ነው። ጾሙ ነሐሴ 16 ከተፈታ በኋላ ማን ይፈልገዋል? በሚቀጥለው ነሐሴ ይነሣል። መስከረም ላይ የገቡት ጥቂቶች እስከየት እንዳዩ ተመልከቺ።

ጥያቄ፦ ርእሶቹን አንድ ባንድ ማየት ሰለቸኝ። ባንድ ላይ ማየት አይቻልም?

መልስ፦ ይኸው ጥሩ ጥያቄ! Analytics ውስጥ Advanced mode ግባ። ከላይ በግራ የቻናልህን ስም ስትነካ Groups የሚል አለ። «ንስሐ»፣ «ትዳር»፣ «ገድል» እያልክ ቪዲዮዎችህን መድብና አማካይ የእይታ ጊዜያቸውን አስተያይ። በአንድ ምድብ ሁለት ቪዲዮ ብቻ ካለህ ግን ምንም አትደምድም፤ ምናልባት አንዱን ዝነኛ መምህር ሰብኮት ይሆናል። ደግሞም ርዝመታቸው የማይቀራረብ...

ሌላ አባል፦ አታወዳድሩ! ገባን ጋሼ።

ጥያቄ፦ ትላንት ማታ ጫንኩ። መስመሩ አይታይም፤ ቻናሌ ተቀጥቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተቀጣም። ለመታየት አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ተኛ።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ገንዘብ መክፈል የሚጀምረው ስንት ሰው ሲከተለን ነው?

መልስ፦ የዛሬው ርእስ አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኔ ቪዲዮ ለምንድነው የማይታይ?

መልስ፦ የትኛው ቪዲዮ? ስንት ደቂቃ ነው? የት ላይ ይሰበራል? እነዚህን ይዘህ ና።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ፦ ጋሼ፣ የጉዞ ማስታወቂያውን ወደ መጨረሻ እንውሰደው አልኩ፤ ሰብሳቢያችን እምቢ አሉ። «መጨረሻ ላይ ማን ያየዋል?» አሉኝ።

መልስ፦ እውነታቸውን ነው፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ሰው ነው የሚያየው። ስብከቱ መሃል፣ ሐሳብ ሲቀየር በአንድ አረፍተ ነገር ይባል። መስመሩ እዚያ ላይ ከተሰበረ ያኔ ለሳቸው አሳዪያቸው።