ለጋብቻ መታሰቢያ እራት የሚሆን ዘፈን

«የምንኖረው ከሚሴ ነው፤ እኔ አማርኛ፣ ባለቤቴ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነን። ለጋብቻችን መታሰቢያ እራት ምን ዓይነት የፍቅር ዘፈን ልክፈት?»

እራቱ እስኪያልቅ ድረስ በባቲ ቅኝት የተቃኘ፣ ግጥም የሌለው የክራር ወይም የዋሽንት ሙዚቃ ይክፈቱ፤ ቃል ስለሌለው ከሁለታችሁ አንዳችሁ ባዕድ አትሆኑም፣ ጨዋታችሁንም አይሻማም። ቡናው ሲቀርብ አንድ ከኦሮምኛው፣ አንድ ከአማርኛው እያፈራረቁ አራት ያህል ዘፈን ቢያሰሙ ይበቃል፤ መጀመሪያው በባለቤትዎ ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል። ከአማርኛው ዘፈን አንድ ስንኝ መርጠው ትርጉሙን ዘፈኑ ሳይጀምር ይንገሯቸው፣ ምክንያቱም በመሃል እያቋረጡ ማስረዳት ዜማውን ያበላሸዋል።

በትዝታ ቅኝት የሚዜመው አብዛኛው ግጥም ስለ መለየትና ናፍቆት ስለሆነ ለዚህ ምሽት አይመከርም። የኦሮምኛውንም ምርጫ አስቀድመው ለባለቤትዎ እህት ያሰሙ፤ አንድ ጎረቤቴ በዜማው ልስላሴ ብቻ የመረጠው ዘፈን ከዳተኛ ሚስትን የሚወቅስ ሆኖ ተገኝቷል።