የቆየ ጉዳትን በአዲስ የካሳ ጥያቄ ውስጥ ስለ ማስገባት

«ባጃጄ ዓባይ ድልድይ አጠገብ ከፊት ተጋጨች። ጋራዡ የቆየውን የኋላ ጭረትም በዚሁ እናስገባው ይላል። ኢንሹራንሱ ቢያውቅ የተጨመረውን ብቻ ነው የሚቀንሰው?»

አይደለም። በብዙ የተሽከርካሪ ፖሊሲዎች ውስጥ ባለው የማጭበርበር አንቀጽ መሠረት፣ የጥያቄው አንዱ ክፍል ሆን ተብሎ ሐሰት ከሆነ እውነተኛው ክፍልም ካሳ ሊከለከል፣ ውሉም ሊፈርስ ይችላል። የፊቱ ጥገና 18,000 ብር፣ የኋላው 7,000 ብር ቢሆን፣ ለ7,000ው ሲሉ የሚገባዎትን 18,000 ሊያጡ ይችላሉ ማለት ነው። የኢንሹራንስ ድርጅቱ አደጋው ሲደርስ በቦታው ስላልነበረ ውሉ የቆመው በእርስዎ ቃል ላይ ነው።

የድርጅቱ የጉዳት ገማች መጀመሪያ የሚያየው ብረቱን ነው፤ አዲስ ጭረት ያብረቀርቃል፣ የቆየው ግን ዝገት ይዞ አቧራና ቅባት በውስጡ ጠጥቷል። ከዚያም የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት ያነባል፤ ሪፖርቱ የፊት ግጭት ብሎ ፕሮፎርማው የኋላ አካል ከጠየቀ ማብራሪያ ይጠየቃሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ጋራዡ የሞላውን ፕሮፎርማ ሳላነብ ፈርሜ፣ ያልተሰበረ መብራት ተጨምሮበት አግኝቻለሁ፤ ገማቹ ከመምጣቱ በፊት በጽሑፍ ስላስተካከልኩ ብቻ ተረፍኩ (ጋራዡ «ልማድ ነው» ነበር መልሱ)። የሚፈርሙት እርስዎ ነዎትና መስመር በመስመር ያንብቡት።